45 ደቂቃ ለአንድ ድርሰት
በእንግሊዝ የኤ ሌቭል ሶሲዮሎጂ ፈተና፣ ኤኪውኤ የተባለው ቦርድ የሚያወጣው የመጀመሪያው ወረቀት 80 ነጥብ በ2 ሰዓት ይሠራል። ለአንድ ነጥብ አንድ ደቂቃ ተኩል ስለሚደርስ የ30 ነጥቡ ድርሰት 45 ደቂቃ ያገኛል።

ጥያቄው ትምህርት ቤት ታዛዥ ሠራተኛ ያፈራል ወይ የሚል ነው እንበል። አምስቱን ደቂቃ ለንድፍ መስጠት አያስቆጭም። ለትርጓሜ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ እዚህ ገጽ የሚሞላ ተማሪ ሰዓት ያልቅበታል። ቀጥሎ የቦውልስና የጊንቲስ ንድፈ ሐሳብ ይምጣ፦ የትምህርት ቤቱ ሥርዓት የሥራ ቦታውን ይመስላል። ማስረጃው ፖል ዊሊስ በ1977 ያሳተመው ጥናት ነው። የተከታተላቸው 12 የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ለመምህራን አይታዘዙም ነበር፤ ሆኖም ያመሩት ወደ ጉልበት ሥራ ነው። ግምገማው እዚያው አንቀጽ ውስጥ ይግባ፦ የታዛዥነቱ ነጥብ ይላላል፣ መደብ ይወረሳል የሚለው ይጸናል፣ የ12 ልጆች ታሪክ ግን ለሁሉም ትምህርት ቤት ማስረጃ አይሆንም።