ፀሐይና ዝናብ ለሚፈራረቁበት በር ምን እንቀባ?

አዲስ አበባ ውስጥ ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ፣ ከላዩ ጥላ የሌለው የዋንዛ በር እንውሰድ። በበጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ያርፍበታል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናብ ይወርድበታል። ብዙ ሰው የዋንዛው መልክ እንዲታይ ብሎ ቀለም አልባ ቫርኒሽ ያስቀባዋል። ቫርኒሽ ለቤት ውስጥ ዕቃ መልካም ነው፤ ለዚህ በር ግን አልመክረውም።

ቫርኒሹ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እንጨቱ ላይ ይደርሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። እንጨቱን አጣብቆ የያዘውን ሊግኒን የተባለ ነገር ያፈርሰዋል፤ ቫርኒሹ የያዘው የላይኛው ስስ ሽፋን ይላላል። በተሰነጠቀው በኩል ውኃ ይገባና መውጫ ያጣል። ቫርኒሹ ነጣ ብሎ ማበጥና መላጥ ሲጀምር በላዩ ሌላ እጅ መደረብ አይጠቅምም፤ እስከ እንጨቱ መፋቅ አለበት።

ጨረሩን የሚያግደው በቀለሙ ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት ነው። ስለዚህ ለዚህ በር የምመርጠው ከፕራይመር በኋላ ሁለት እጅ የውጭ አክሪሊክ ቀለም ነው። እንጨት ሲያብጥና ሲኮማተር አክሪሊክ አብሮት ይለጠጣል፤ የዘይት ቀለም ግን ሲቆይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ፈዛዛ ቀለም ይሻላል፣ ጥቁር ቡናማው ሙቀት ስቦ እንጨቱን ያጣምማልና።

የእንጨቱ መልክ እንዳይሸፈን ለሚፈልግ ቀለም የገባበት፣ ወደ እንጨቱ የሚሰርግ ውድ ስቴይን አለ። እሱ ቀስ እያለ ይሳሳል እንጂ እንደ ቫርኒሽ አይላጥም፤ ታጥቦ በላዩ ይደገማል። ፀሐይ በሚበዛበት በር ግን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መደገም እንዳለበት ይታወቅ። ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ውኃ ጠብ ማድረግ ነው፤ ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ካልቆመና ከሰረገ ደርሷል።

2.10 በ0.90 ሜትር የሆነ በር ሁለቱ ገጹ 4 ካሬ ሜትር አይሞላም። አንድ ሊትር ቀለም በአንድ እጅ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ ይበቃል፤ በጥራቱ ላይ መቆጠብ አያስፈልግም።

ሥራው ከክረምት በኋላ እንጨቱ በደንብ ሲደርቅ፣ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይሁን። ግራጫ የሆነው ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ይፋቅ፤ ቀለም በሞተ እንጨት ላይ አይይዝም። ምዕራብ የሚያይ በር የሚቀባው ጤዛው ከደረቀ በኋላ ጠዋት፣ ገጹ ጥላ ሳለ ነው። ከሁሉ የሚዘነጋው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ነው። እንጨት በተቆረጠበት ጫፉ ከገጹ እጅግ አብልጦ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ቀቢው በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ፣ ጠርዞቹን ፕራይመርና ሁለት እጅ ቀለም ካጠጣ በኋላ ይመልሰው።