ኦነሲሞስና አስቴር የተረጎሙት መጽሐፍ

መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝብ ቋንቋ መተርጎሙ ያመጣውን ለውጥ በክፍል ውስጥ ለተማሪዎች አስረዳ ብባል፣ ይዤ የምቆመው እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ የኢሉባቦር ልጅ ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ፤ ነጻ የወጣው ምጽዋ ላይ ነው። ከወገኖቹ ርቆ ስላደገ አንዳንድ የኦሮምኛ ቃላት ያጥሩት ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችው እንደ እሱ ከባርነት የተረፈችው አስቴር ጋኖ ናት፤ 15,000 ያህል ቃላት ሰብስባለች፣ ተረትና ዘፈንም ከትዝታዋ ጽፋለች። ስሟ ከእሱ እኩል ሊነሳ ይገባል።

ሁለቱ በ1894 የንባብ መማሪያ አሳተሙ። በዚህም ኦሮምኛ ተናጋሪው ሌላ ቋንቋ ሳይማር በራሱ ቋንቋ ፊደል መቁጠር ቻለ። የተጠቀሙት የግዕዝን ፊደል ነው። ፊደሉ ግን የድምፅን እርዝማኔ በሚገባ አይለይም፤ «ቦና» ተብሎ የተጻፈው በጋ ይሁን ኩራት፣ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት።

ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምት ላይ ማስተማር ጀመረ። ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ስለሰበከ አድማጭ በዛለት። የአካባቢው ካህናት ግን ቅዳሴውም ትምህርቱም በእነሱ እጅ ስለነበር ሥልጣናቸው ተነካ፤ ለአቡነ ማቴዎስ ከሰሱት። እንዳይሰብክ ታገደ። በይፋ የመስበክ ፈቃድ ያገኘው በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው።