ወረፋው ዜሮ ሲል ሥራው አልቋል ማለት አይደለም

በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ድርጅት ለገዢዎቹ ደረሰኝ በኢሜይል ይልካል እንበል። ክፍያውን የሚቀበለው ፕሮግራም ደረሰኙን ራሱ አይልክም። «ለዚህ ገዢ ደረሰኝ ላክ» የሚል አጭር መልእክት ወረፋ ውስጥ ያስቀምጥና ቀጣዩን ገዢ ያስተናግዳል። ከወረፋው ማዶ ያሉ ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ መልእክቶቹን እያነሡ ደረሰኞቹን ይልካሉ። ብዙ ድርጅቶች ለዚህ ሥራ ከሚከራዩአቸው ወረፋዎች አንዱ የአማዞን ኤስኪውኤስ ነው።

አንድ ፕሮግራም መልእክት ሲያነሣ መልእክቱ ከወረፋው አይጠፋም። ወዲያው ቢጠፋና ፕሮግራሙ ሥራውን ሳይጨርስ ቢሞት ደረሰኙን የሚያስታውስ አይኖርም። ስለዚህ ኤስኪውኤስ መልእክቱን ባለበት አቆይቶ ከሌሎች ፕሮግራሞች ዕይታ ለጊዜው ይሰውረዋል። ይህ የመሰወሪያ ጊዜ ቪዚቢሊቲ ታይምአውት ይባላል። ካልቀየሩት 30 ሴኮንድ ነው፤ እስከ 12 ሰዓት ሊራዘምም ይችላል። ሥራውን የጨረሰ ፕሮግራም መልእክቱን በትእዛዝ መሰረዝ አለበት። ሳይሰረዝ ጊዜው ካለቀ መልእክቱ ተመልሶ ይታያል፤ ሌላ ፕሮግራምም ያነሣዋል።

አሁን 40 መልእክቶች ገብተዋል፤ የመሰወሪያው ጊዜም 15 ደቂቃ ነው እንበል። ልክ 8፡00 ሰዓት ላይ አራት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው 10 መልእክት አነሡ፤ በአንድ ጊዜ ማንሣት የሚቻለው ከዚያ አይበልጥም። ሦስቱ ሥራቸውን በሦስት ደቂቃ ጨርሰው ሰረዙ። አራተኛው ግን ሁለት ደረሰኝ ልኮ ከሰረዘ በኋላ፣ ሦስተኛውን ልኮ ሊሰርዝ ሲል ማስታወሻው ሞልቶ ሞተ። ስምንት መልእክት በስሙ እንደተያዘ ቀረ። ወረፋው የፕሮግራሙን መሞት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚጠብቀው የሰዓቱን ማለቅ ብቻ ነው።

8፡05 ላይ አንድ ባለሙያ ወረፋውን ቢመለከት ለመነሣት ዝግጁ የሆነ መልእክት 0 መሆኑን ያያል። ከቀሩት ፕሮግራሞች አንዱ መልእክት ቢጠይቅም ባዶ መልስ ያገኛል። ባለሙያው ሥራው አልቋል ብሎ ፕሮግራሞቹን ቢያጠፋ 8፡15 ላይ ስምንቱ መልእክቶች ብቅ ይላሉ፤ የሚያነሣቸው ግን የለም። ወረፋው መልእክት የሚያቆየው፣ ካልቀየሩት፣ ለ4 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ይጠፋሉ፤ ሰባት ገዢዎችም ደረሰኝ ሳያገኙ ይቀራሉ። ፕሮግራሞቹ ባይጠፉ ኖሮ ሰባቱ ይደርሳቸው ነበር። ስምንተኛው ግን ደረሰኙ ሁለት ጊዜ ይመጣለታል፤ የመጀመሪያው ተልኮ መልእክቱ አልተሰረዘምና።

ስለዚህ አንዱን ቁጥር ብቻ ማየት አይበቃም። ሦስቱን መጠየቅ ይገባል፦

```
aws sqs get-queue-attributes \
  --queue-url "$QUEUE_URL" \
  --attribute-names ApproximateNumberOfMessages \
    ApproximateNumberOfMessagesNotVisible \
    ApproximateNumberOfMessagesDelayed
```

የመጀመሪያው ለመነሣት ዝግጁ የሆኑትን፣ ሁለተኛው ተነሥተው የተሰወሩትን፣ ሦስተኛው መታያ ጊዜያቸው ሆን ተብሎ የዘገየውን ይቆጥራል። በእኛ ታሪክ 8፡05 ላይ ሁለተኛው ቁጥር 8 ነበር። ወረፋው በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተበተነ በመሆኑ ሦስቱም ግምት ናቸው። ወረፋው በእርግጥ ባዶ ነው ለማለት ሦስቱም ለተከታታይ ደቂቃዎች ዜሮ ሆነው መቆየት አለባቸው። የተሰወሩት ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የመሰወሪያው ጊዜ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ወደ ዝግጁዎቹ ከዞረ፣ ያነሣቸው ፕሮግራም ሳይጨርስ ሞቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

የፕሮግራሞቹን ብዛት እንደ ሥራው መጠን በራሱ የሚጨምርና የሚቀንስ ሥርዓትም ያንኑ ስሕተት ሊሠራ ይችላል። ዝግጁዎቹን ብቻ እያየ ዜሮ ሲያገኝ፣ መልእክት ይዘው ገና በመሥራት ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ያጠፋቸዋል። ስለዚህ የተሰወሩትንም እንዲቆጥር ማድረግ ያስፈልጋል።

ጊዜውን ማሳጠር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሰዓቱ ለአሥሩም መልእክት የሚቆጥረው ከተነሡበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። አንዱ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ፣ 15 ደቂቃው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ገና ስምንተኛው ላይ ነው። የያዛቸው የመጨረሻ ሦስት መልእክቶችም ለሌላ ይታያሉ፤ ሥራው ይደገማል። የሚሻለው መጠነኛ ጊዜ ሰጥቶ፣ ፕሮግራሙ በሕይወት እስካለ ድረስ `ChangeMessageVisibility` በሚባለው ትእዛዝ እያራዘመ እንዲሄድ ማድረግ ነው። እንዲህ ከሆነ፣ ቢሞት መልእክቶቹ ብዙ ሳይቆዩ ይመለሳሉ። ሥራው እንዳልተሳካለት ያወቀ ፕሮግራም ደግሞ በዚሁ ትእዛዝ ጊዜውን 0 አድርጎ መልእክቱን ወዲያው ሊመልስ ይችላል።

ያነሣውን ፕሮግራም ሁሉ የሚገድል ብልሹ መልእክት ሲኖር ግን ይህም አይበቃም። እየተሰወረና እየታየ ይመላለሳል። ለዚህ `maxReceiveCount` የሚባል ገደብ አለ፤ 5 ከተባለ፣ አምስት ጊዜ ተነሥቶ ያልተሰረዘ መልእክት ለብልሹዎች ወደተዘጋጀ ሌላ ወረፋ ይዛወራል። ያን ጊዜ በዋናው ወረፋ ሦስቱም ቁጥሮች ዜሮ ይሆናሉ፤ ያልተላከው ደረሰኝ የሚገኘው በሁለተኛው ወረፋ ነውና እሱም አብሮ መታየት አለበት።