ስለ ዋጋ ንረት፤ አንዱ ጀበናና የበዛው ስኒ

በዲላ ገበያ በባለሱቅና በደንበኛ መካከል ከቶ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ። ደንበኛው «ዋጋ ጨመራችሁብን» ብሎ ይወቅሳል፤ ባለሱቁም «እኔ ራሴ የገዛሁት በውድ ነው» ሲል ይመልሳል። ቡና ነጋዴው በበኩሉ ካምናው ይልቅ ብዙ ብር ቈጥሮ ሳለ፥ ብሩ የሚገዛው ነገር ግን እንዳነሰ ያስረዳል። ሦስቱም እውነት ይናገራሉ። ሆኖም ነገሩን ከሥሩ ያልመረመሩት እንደ ሆነ እርስ በርስ ከመካሰስ አያልፉም። ስለዚህ ዛሬ የዋጋ ንረት ምን እንደ ሆነ፥ ለጌዴኦ ሰው ከሁሉ ይልቅ በሚቀርበው ነገር፥ ይኸውም በጀበና ቡና አስመስለን ልንገልጸው ወደድን።

አንዲት የቤት እመቤት ለስድስት እንግዶች የሚበቃ ቡና ቈልታና ወቅጣ ጀበናውን ጣደች እንበል። ስድስቱም አቦሉን እንደ ተገቢው ወፍራም ሆኖ ጠጡት። ጥቂት ቈይቶ ሌሎች ስድስት ጎረቤቶች መጡ። እመቤቲቱ ቡና ጨምራ ብትወቅጥ ኖሮ ዐሥራ ሁለቱም በደኅና በጠጡ ነበር። ነገር ግን የተወቀጠ ቡና ስላልነበራት በዚያው አተላ ላይ ውሃ ጨመረችበት። ስኒው ሁሉ እስከ አፉ ሞላ፤ ማንም ሰው ባዶ እጁን አልቀረም። ይሁን እንጂ ቡናው ቀጠነ።

በዚህ ምሳሌ ስኒው ብር ነው፤ በጀበናው ውስጥ ያለው የተወቀጠ ቡና በአገር ውስጥ ያለው ሸቀጥ፥ እህልና አገልግሎት ነው። የቡናው ውፍረት ደግሞ አንድ ብር የሚገዛው ነገር መጠን ነው። እንግዲህ የዋጋ ንረት ማለት የስኒው ቍጥር ከቡናው ይልቅ ፈጥኖ ሲበዛ እያንዳንዱ ስኒ መቅጠኑ ነው። ባለሱቁ «ሳሙና ተወደደ» ሲል፥ አብዛኛውን ጊዜ የተለወጠው ሳሙናው ሳይሆን ሳሙናውን የምንለካበት ስኒ ነው።

ውሃው ከወዴት ይመጣል ቢባል፥ መንገዱ በተለይ ሁለት ነው። አንደኛው፥ መንግሥት ከገቢው በላይ ሲያወጣ ጕድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ ተበድሮ የሸፈነው እንደ ሆነ ነው። ሁለተኛው፥ ባንኮች የሚሰጡት ብድር ከአገሪቱ ምርት እጅግ ቀድሞ ያደገ እንደ ሆነ ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ የወሰነውና ለመንግሥት የሚሰጠውንም ቀጥታ ብድር የቀነሰው፥ ውሃ የሚጨምረውን እጅ ለመያዝ ነበር።

ምሳሌው አንድ ሌላ ቁም ነገር ያሳያል። አቦሉን የጠጣ ሰው ወፍራሙን አግኝቷል፤ ቶናው ለደረሰው ቀለል ይላል፤ በረካውን የሚጠብቅ ግን ቀጭኑን ይጠጣል። አዲስ ገንዘብም እንደዚሁ ለሁሉ ሰው በአንድ ቀን አይደርስም። አስቀድሞ የሚደርሳቸው፥ ብድር ያገኙና ከመንግሥት ሥራ የተዋዋሉ ሰዎች፥ ዋጋ ገና ሳይጨምር ይገዙበታል። ደመወዝተኛውና ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠው ሰው ግን በረካውን የሚጠብቁ ናቸው። እስከ ግንቦት 2014 ዓ.ም. በነበረው አንድ ዓመት የዋጋ ንረት 37 በመቶ ያኽል ደርሶ ነበር። በዚያን ጊዜ ለቁጠባ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ከነወለዱ 107 ብር ሲያወጣ፥ በ100 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ 137 ብር ሆኖ ጠበቀው። ብሩ በዛ፤ የሚገዛው ነገር ግን ከዐሥር እጅ ወደ ስምንት እጅ ገደማ ወረደ።

አሁን ወደ ባለሱቁ ጉዳይ እንመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ተሰውሮ የሚጐዳው እርሱ ነውና። በዲላ ያለ አንድ ባለሱቅ 50 ካርቶን ሳሙና እያንዳንዱን በ1,000 ብር፥ በጠቅላላው በ50,000 ብር ገዛ እንበል። የመጓጓዣውን ለጊዜው እንተወው። እንደ ልማዱ መቶ ብር አትርፎ በ1,100 ብር ሸጠው፤ 55,000 ብርም ሰበሰበ። 5,000 ብር አተረፍሁ ብሎ ለቤቱ ቀለብና ለልጆቹ ትምህርት አዋለው። በቀረው 50,000 ብር ሳሙና ሊገዛ ወደ ጅምላ ሻጩ ቢሄድ ካርቶኑ 1,200 ብር ሆኗል። ስለዚህ 41 ካርቶን ብቻ ገዝቶ ተመለሰ። ይህንንም በዐሥር በመቶ ትርፍ ሸጠ፤ ትርፉንም እንደ ቀድሞው ለቤቱ አዋለ። ሦስተኛ ሲሄድ ዋጋው እንደ ገና በአምስት አንድ እጅ ጨምሮ 1,440 ብር ደረሰ፤ በእጁ የነበረው ያው 50,000 ብር 34 ካርቶን ገዛለት።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው አንድም ጊዜ በኪሣራ አልሸጠም። መዝገቡ ሁለት ጊዜ ትርፍ አሳይቷል። ይሁን እንጂ መደርደሪያው ከ50 ካርቶን ወደ 34 ወርዷል። ትርፍ ብሎ የበላው ከፊሉ የገዛ መነሻ ገንዘቡ ነበር። ዋጋ በሚንርበት ዘመን እውነተኛው ትርፍ፥ የተሸጠውን ዕቃ ያኽል በአዲሱ ዋጋ ከተተካ በኋላ የሚተርፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሱቁ በብር ቈጠራው ላይ የካርቶን ቈጠራ ቢጨምርበት፥ ጕዳቱን ገና ከመጀመሪያው ዙር ያውቀዋል።

የዱቤ ነገርም በዚሁ ይታያል። በጌዴኦ የቡና ለቀማ የሚሆነው በጥቅምትና በጥር መካከል ስለ ሆነ፥ ገበሬው በክረምት እጁ ሲያጥር ከባለሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ ቀይ ቡናውን ሲሸጥም ይከፍላል። ባለሱቁ በሰኔ ወፍራም ስኒ አበድሮ በኅዳር ቀጭኑን ይቀበላል ማለት ነው። ገበሬው ቃሉን ቢጠብቅም እንኳ ጕዳቱ አይቀርም። ስለዚህ በዱቤ የሚሰጥ ሰው የጊዜውን ርዝመት በዋጋው ውስጥ ማሰብ፥ ወይም ዱቤውን ማሳጠር ይገባዋል።

ስለ ውጭ ንግድም ይኸው ምሳሌ ይረዳናል። ጎረቤት ያለ ሌላ ቤት ቡናውን ሳያቀጥን ቢቈይ፥ የእኛን ቀጭን ስኒ በእርሱ ስኒ ልክ አይለውጥም፤ ጨምሩልኝ ይላል። የእኛ ቤት «አንድ በአንድ ነው» ብሎ በሕግ ቢያውጅ እንኳ፥ በጓሮ በኩል ሌላ ዋጋ ይቆማል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲተው፥ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ብዙ ቡና ላኪዎች ቡናውን በአገር ውስጥ በውድ ገዝተው በውጭ በኪሣራ ይሸጡት ነበር። ምክንያቱም ያገኙት ዶላር የሚያስመጡትን ዕቃ ይገዛላቸዋል፤ በቡናው የጐደለውንም በአስመጪነቱ ያካክሱታል። የቡናው ኪሣራ በሌላ ዕቃ ዋጋ ላይ ተጨምሮ በባለሱቁ በኩል ወደ ደንበኛው ይደርስ ነበር ማለት ነው። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ደግሞ ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ሲበዛ፥ አስመጪው ለዚያው ዶላር የሚከፍለው ብር እንዲሁ በዛ።

ነገር ግን ዋጋ በጨመረ ቍጥር ሁሉ ውሃ ተጨመረ ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ውሃው እንዳለ ሆኖ ቡናው ራሱ ያንሳል፤ ምርት ሲከስር፥ መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ በዓለም ገበያ ሲወደድ እንደዚህ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የወቅት ነገር ነው። በለቀማው ወራት ከውጭ ብዙ ብር ወደ ዲላ፥ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋጨፌ ይገባል፤ ገበሬው ልብስና ቆርቆሮ ሲሻ የአንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ይነሣል፤ ለቀማው ሲያልቅም ሊመለስ ይችላል። ይህን የወቅት ጭማሪ ንረት ነው ብሎ ብዙ ዕቃ በውድ የገዛና ያከማቸ ነጋዴ፥ ገበያው ሲቀዘቅዝ ዕቃው በእጁ ይቀርበታል።

መለያው እንዲህ ነው። የጨመረው አንድ ወይም ሁለት ዕቃ ብቻ ከሆነ፥ የእነዚያ ዕቃዎች ጉዳይ ነው። ጨምሮ የሚመለስ ከሆነ የወቅት ነው። እህሉም፥ ልብሱም፥ የቤት ኪራዩም፥ የጠጕር ማስተካከያውም ሳይቀር አብሮ ከጨመረና ካልተመለሰ ግን፥ ያ እውነተኛው ንረት ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር ቀርቷል። «የዋጋ ንረት ወረደ» የሚል ወሬ በሰማን ጊዜ ደንበኛው «ታዲያ የእናንተ ዋጋ ለምን አልወረደም?» ብሎ ይጠይቃል። ንረት ከ37 በመቶ ወደ 15 በመቶ ወረደ ማለት እመቤቲቱ ውሃ የምትጨምርበት እጅ ቀስ አለ ማለት ነው እንጂ፥ የተጨመረው ውሃ ከጀበናው ወጣ ማለት አይደለም። ዋጋ ከነበረበት ከፍታ ላይ ሆኖ መጨመሩን ይቀጥላል፤ አካሄዱ ብቻ ይዘገያል። ባለሱቁ ይህን ለደንበኛው በትዕግሥት ቢያስረዳ ብዙ ቅያሜ ይቀንሳል።

በመጨረሻም ለነጋዴው የሚረዳ ቀላል ሥራ እናመልክት። በሱቁ ደብተር ላይ ዐሥር የተለያዩ ዕቃዎችን ከነመጠናቸው ይጻፍ፤ በየወሩ በተወሰነ የገበያ ቀን የእያንዳንዱን መግዣ ዋጋ ይመዝግብ። ሲያስተያይም ኅዳርን ከነሐሴ ጋር አያስተያይ፤ በመካከላቸው የቡናው ወቅት አለና። ኅዳርን ካለፈው ኅዳር ጋር ያስተያይ። ዐሥሩ ዕቃ ባለፈው ዓመት በጠቅላላው 8,000 ብር ከነበረና ዘንድሮ 9,600 ብር ከሆነ፥ በእርሱ መደርደሪያ ላይ ያለው ንረት 20 በመቶ ነው። የዘንድሮ ትርፉ ከዚህ ያነሰ ከሆነ፥ ስኒው ቢሞላም ቡናው እየቀጠነበት መሆኑን ይወቅ።