30 ሰው መብለጥ ማሸነፍ ነው? ሁለት የኢሜይል ርዕሶችን በሐቅ ማወዳደር

እ.ኤ.አ. በ2012 የባራክ ኦባማ የምርጫ ዘመቻ ለደጋፊዎቹ መዋጮ የሚጠይቁ ኢሜይሎችን ያለማቋረጥ ይልክ ነበር። በጁን ወር መጨረሻ ከተላኩት መካከል የአንዱ ርዕስ «ተቀናቃኜ በወጪ ይበልጠኛል» የሚል መልእክት ነበረው። ይህ ኢሜይል ብቻውን ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከመላኩ በፊት ግን በርዕስና በጽሑፍ የተለያዩ በርካታ ረቂቆች ለጥቂት ደጋፊዎች ተልከው ተፈትነዋል። ከተፈተኑት ሁሉ ደካማው ለሁሉም ደጋፊ ቢላክ ኖሮ የሚያስገኘው ከ400 ሺህ ዶላር ብዙም እንደማያልፍ ዘመቻው አስልቶ ነበር። ጋዜጠኛው ጆሹዋ ግሪን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በብሉምበርግ ቢዝነስዊክ እንደጻፈው፣ ኢሜይሎቹን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎች ራሳቸው የትኛው እንደሚያሸንፍ መገመት አልቻሉም።

ይህ ታሪክ በገበያ ባለሙያዎች ዘንድ ደጋግሞ ይነገራል። ሲነገር ግን ሁለት ነገር ይዘለላል። አንደኛው፣ ዘመቻው ረቂቆቹን ያወዳደረው ስንት ሰው ኢሜይሉን ከፈተ ብሎ ብቻ ሳይሆን ስንት ገንዘብ ገባ ብሎ ነው። ሁለተኛው፣ የአድራሻ ዝርዝሩ እጅግ ሰፊ ስለነበር ትንሿ የሙከራ ቡድን እንኳ ብዙ ሰው ነበራት። ጥቂት ሺህ አድራሻ ያለው ድርጅት ያንኑ ዘዴ እንዳለ ሲወስድ የሚሳሳተው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። 6,200 ደንበኞች ያሉት አንድ መጻሕፍት ቤት አለ እንበል። በየወሩ የገቡትን መጻሕፍት በኢሜይል ያሳውቃል። ባለቤቱ የለመደው ርዕስ «በዚህ ወር የገቡ 6 አዳዲስ መጻሕፍት» የሚል ነው። አንድ ሠራተኛ ደግሞ «እነዚህን አይተዋቸዋል?» ቢባል ሰው ይበልጥ ይጓጓል ባይ ነው። በክርክር ከመሸናነፍ ይልቅ ሊፈትኑት ተስማሙ። የመጀመሪያውን «ሀ»፣ ሁለተኛውን «ለ» እንበላቸው።

እዚህ ላይ ከወዲሁ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሁለቱ ርዕሶች በሁሉም ነገር ይለያያሉ፤ አንዱ ቁጥር አለው፣ ሌላው ጥያቄ ነው፤ አንዱ መጻሕፍት መሆናቸውን ይናገራል፣ ሌላው ይደብቃል። ስለዚህ ሙከራው የትኛው እንደተሻለ እንጂ ለምን እንደተሻለ አይናገርም። ቁጥር መጨመሩ ብቻ ምን እንደሚፈይድ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ሌላው ቃል ሁሉ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ የሚለይባቸውን ሁለት ርዕሶች ማዘጋጀት ይኖርበታል።

ቀጥሎ ደንበኞቹን ለሁለት መክፈል ነው። ብዙ ሰው የዝርዝሩን የላይኛውን ግማሽ ለአንዱ፣ የታችኛውን ለሌላው ይሰጣል። ይህ ሙከራውን ከሥሩ ያበላሸዋል። ዝርዝሩ በተመዘገቡበት ቀን የተደረደረ ከሆነ ከላይ ያሉት የቆዩ ደንበኞች፣ ከታች ያሉት አዲሶች ናቸው። አዲስ የተመዘገበ ሰው ደግሞ ርዕሱ ምንም ይሁን ምን የመክፈት ዝንባሌው ከቆየው ይለያል። ያኔ የሚለካው የርዕሶቹ ልዩነት መሆኑ ቀርቶ የደንበኞቹ ልዩነት ይሆናል። መፍትሔው ዕጣ ነው። ኤክሴል ላይ ከእያንዳንዱ አድራሻ ጎን

```
=RAND()
```

ብሎ መጻፍ፣ የወጡትን ቁጥሮች ኮፒ አድርጎ እንደ ተራ ቁጥር መልሶ መለጠፍ፣ ከዚያ ዝርዝሩን በእነሱ ቅደም ተከተል መደርደር ይበቃል። መልሶ መለጠፉ እንዳይረሳ፤ ካልሆነ ፋይሉ በተነካ ቁጥር ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል፣ ማን በየትኛው ወገን እንደነበር ማረጋገጥም አይቻልም። ሁለቱም ኢሜይሎች በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ላኪ ስም፣ ውስጣቸው አንድ ዓይነት ሆኖ መላክ አለባቸው።

መጻሕፍት ቤቱ በመጀመሪያው ወር ለ1,000 ሰዎች «ሀ»ን፣ ለሌላ 1,000 «ለ»ን ላከ። አሸናፊውን ለቀሩት 4,200 ሊልክ ነው ያሰበው። በማግስቱ ሲታይ «ሀ»ን 210 ሰዎች፣ «ለ»ን 240 ሰዎች ከፍተዋል። 21 በመቶ ከ24 በመቶ መሆኑ ነው። ሠራተኛው ደስ አለው፤ ኢሜይል መላኪያው ፕሮግራምም ከ«ለ» ጎን የአሸናፊ ምልክት አደረገ።

ግን በ30 ሰው መብለጥ ምን ያህል ያስተማምናል? ለዚህ መልስ የሚሰጠው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለሁለቱም ቡድኖች ያው አንድ ርዕስ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ስንት ጊዜ ይታያል? ሲሰላ ከ100 ሙከራ 11 ጊዜ ያህል ይታያል። ማንም ርዕሱን ሳይቀይር ማለት ነው። በሌላ መንገድ ሲነገር፣ የ«ለ» ብልጫ በተለመደው የ95 በመቶ ስሌት ከ6.7 ነጥብ ጀምሮ ከዜሮ በታች እስከ 0.7 ነጥብ ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። ይህ ክልል ዜሮን ያቅፋል። «ለ» በጣም የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ በጥቂቱ የባሰም ሊሆን ይችላል። ሐቀኛው ንባብ «ገና አልታወቀም» የሚል ነው።

እዚህ ላይ የሚመጣ ፈተና አለ። ባለቤቱ ውጤቱን በየሰዓቱ እያየ፣ ልዩነቱ «አስተማማኝ» የተባለ ጊዜ ቆጠራውን ላቁም ሊል ይችላል። ይህን የመሰለ ልማድ የሚያስከትለው ስህተት ከ1960ዎቹ ጀምሮ በስታቲስቲክስ ሊቃውንት ተሰልቶ የታወቀ ነው። ምንም ልዩነት የሌላቸው ሁለት ነገሮች አንድ ጊዜ ብቻ ሲታዩ በሐሰት አሸናፊ የሚገኝባቸው ከ100 5 ጊዜ ነው። አምስት ጊዜ እየተቆራረጠ ከታየና ያማረው ላይ ከቆመ ስህተቱ ወደ 14 ይወጣል፤ አሥር ጊዜ ከታየ ወደ 19። ስለዚህ ውጤቱ የሚነበብበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከተላከ 48 ሰዓት በኋላ፣ ኢሜይሉ ከመሄዱ በፊት ተጽፎ መቀመጥ አለበት።

ስንት ሰው እንደሚያስፈልግም እንዲሁ ቀድሞ ይሰላል። ባለሙያዎች በቀላሉ የሚጠቀሙበት ቀመር ይህ ነው፦

```
n = 16 × p × (1 − p) ÷ d²
```

`n` በእያንዳንዱ ወገን የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ `p` የተለመደው የመክፈት መጠን፣ `d` ደግሞ እንዳያመልጥ የሚፈለገው ልዩነት። የመጻሕፍት ቤቱ ኢሜይል በአማካይ በ22.5 በመቶው ከተከፈተና የ3 ነጥብ ልዩነትን መለየት ከተፈለገ፣ 16 በ0.225፣ ከዚያ በ0.775 ተባዝቶ ለ0.0009 ሲካፈል 3,100 ይሆናል። በየወገኑ 3,100 ሰው እንጂ 1,000 አይበቃም ነበር። ቀመሩ የተሠራው እውነተኛ ልዩነት ካለ ከአምስት አራት ጊዜ እንዲያገኘው ነው፤ አንዱን ጊዜ ይስተዋል።

መጻሕፍት ቤቱ በቀጣዩ ወር አካሄዱን አስተካከለ። ጥቂቱን ፈትኖ ለቀሪው መላኩን ትቶ 6,200ውን ደንበኛ በሙሉ በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ርዕሶቹ ያው ሁለቱ ናቸው፤ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ብቻ ተቀየረ። ከመላኩ በፊት በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ሰፈረ፦ ውጤቱ ከ48 ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል፤ የሚወስነው መጽሐፍ ለማየት ሊንኩን የተጫነው ሰው ብዛት ነው፤ የከፈቱት ለተጨማሪ መረጃ ይያዛሉ።

የከፈተውን ሰው ዳኛ አለማድረግ በቂ ምክንያት አለው። ኢሜይል «ተከፈተ» የሚባለው በውስጡ የተደበቀች የማትታይ ምስል ስትጫን ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ከአይኦኤስ 15 ጋር ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ፣ ይህን የመረጡ ተጠቃሚዎች ኢሜይሉን ባያነቡትም ምስሉ ቀድሞ በአፕል ኮምፒውተሮች በኩል ይጫናል። ማንም ሳያየው «ተከፈተ» ተብሎ ይመዘገባል። ዕጣው በትክክል ከወጣ ይህ ሐሰተኛ ቁጥር በሁለቱም ወገን በእኩል ስለሚወድቅ አንዱን ለይቶ አይጠቅምም፤ ግን ሁለቱንም አሳብጦ እውነተኛውን ልዩነት ያደበዝዛል።

ውጤቱ መጣ። «ሀ»ን 651 ሰዎች፣ «ለ»ን 744 ከፈቱት። አሁንም 21 እና 24 በመቶ ነው፤ ሰው ስለበዛ ግን ክልሉ ጠበበ። የ«ለ» ብልጫ ከ0.9 እስከ 5.1 ነጥብ መሃል ነው፣ ዜሮን አያቅፍም። በመክፈት ረገድ «ለ» በእርግጥ ይሻላል ማለት ይቻላል።

ሊንኩን የተጫኑት ግን በ«ሀ» 99፣ በ«ለ» 87 ሆኑ። ጥያቄው ሰው አጓጉቶ አስከፈተ፤ ከተከፈተ በኋላ መጽሐፍ የማይፈልገው ተመለሰ። አሁን ደግሞ የባለቤቱ ተራ ነው፤ ለመጀመሪያው ርዕስ ድል ሊያውጅ ይፈልጋል። ከከፈቱት ውስጥ በ«ሀ» 15 በመቶው፣ በ«ለ» 12 በመቶው ብቻ ተጫኑ የሚል ስሌትም ያቀርባል። ይህ ስሌት አሳሳች ነው። ዕጣው ለሁለት የከፈለው የተላከላቸውን እንጂ የከፈቱትን አይደለም። የ«ለ» ከፋዮች ውስጥ በጉጉት ብቻ የገቡ ስላሉበት ሁለቱ የከፈቱ ቡድኖች አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። መካፈል ያለበት ለ3,100 ነው፤ እሱም 3.2 እና 2.8 በመቶ ይሆናል። የ0.4 ነጥቧ ልዩነት ክልል «ሀ» በ1.2 ነጥብ ከመብለጥ እስከ «ለ» በ0.5 ነጥብ ከመብለጥ ይዘረጋል። ይህም ዜሮን ያቅፋል።

በመዝገቡ ላይ መጻፍ ያለበት እንግዲህ ይህ ነው፦ «ለ» ብዙ ሰው ያስከፍታል፤ መጽሐፍ ለማየት በሚጫነው ሰው ብዛት ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ዳኛ ይሁን የተባለው የሊንኩ ቁጥር ስለነበረ፣ ከተላከ በኋላ ዳኛውን ወደ መክፈት ማዞር አይገባም። ባለቤቱ የለመደውን ርዕስ ይዞ ቢቀጥል ሙከራው አይከለክለውም፤ «ሀ» አሸነፈ ብሎ ለሌሎች መናገር ግን አይችልም። ያችን የ0.4 ነጥብ ልዩነት ለማረጋገጥ በዚያው ቀመር ሲሰላ በእያንዳንዱ ወገን 29,000 ሰው ያስፈልጋል። መጻሕፍት ቤቱ ያለው 6,200 ነው፤ ይህን ጥያቄ በአንድ ኢሜይል መመለስ አይችልም።