ከደሴት ወደ ደሴት፦ ለነፋሱም ቀን መተው

የግሪክ ሲክላዴስ ደሴቶች ካርታ ላይ ተቀራርበው ስለሚታዩ፣ ተጓዡ በየቀኑ ፌሪ እየቀያየረ የሚዞራቸው ይመስለዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ባሕሩን ያናውጠዋል። ስለዚህ የሚታየው ደመናው ሳይሆን የነፋሱ ትንበያ ነው። በቦፎርት መለኪያ 8 ሲደርስ፣ ማለትም በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ፣ የወደብ ባለሥልጣናት አብዛኛውን ጊዜ መርከቦቹን ያግዳሉ። ፈጣኖቹና ቀላሎቹ ከትልልቆቹ ቀድመው ይቆማሉ።

እሑድ ከአቴንስ የሚበር ሰው አናፊን፣ ሳንቶሪኒንና ናክሶስን ማየት ቢፈልግ፣ እኔ ከአናፊ እንዲጀምር እመክረዋለሁ። ትንሽ ደሴት ናት፤ ፌሪ በየቀኑ ላያገኝ ስለሚችል አንድ ጉዞ ቢሰረዝ ቀጣዩን ቀናት ሊጠብቅ ነው። ናክሶስን መጨረሻ ያድርጋት። ወደ ፒሬየስ ወደብ ብዙ መርከብ አላት፤ ትልቁ ፌሪም በአምስት ስድስት ሰዓት ያደርሰዋል። የሚሳፈረው ግን ቅዳሜ ሳይሆን ዓርብ ጠዋት ይሁን። ዓርብ ቢታገድ ቅዳሜ ይቀረዋል፤ ባይታገድ ደግሞ አክሮፖሊስን ተረጋግቶ ያያል።

ጉዞው ሲሰረዝ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ገንዘቡን መመለስ ወይም በሌላ ጉዞ መሄድ ይመርጣል። ምክንያቱ የአየር ጠባይ ከሆነ ግን የሆቴሉን ወጪ የመርከብ ድርጅቱ የመሸፈን ግዴታ የለበትም። ለብቻው የተገዛው የአውሮፕላን ትኬትም አይጠብቀውም።