ክብ ከካሬ ሲቀነስ የሚተርፈው

በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሥዕል አለ። አንድ ካሬ ይሣላል፤ በውስጡም አራቱንም ጎኖች የሚነካ ክብ ይገባል። ከክቡ ውጭ በካሬው ጥጎች የቀሩት አራት ቁራጮች ይጠቁራሉ። ጥያቄው «የጠቆረውን ክፍል ስፋት ፈልጉ» ይላል።

ተማሪውን የሚያስጨንቀው የቁራጮቹ ቅርጽ ነው። እያንዳንዳቸው ሁለት ቀጥ ያሉ ጎኖችና አንድ ወደ ውስጥ የጎበጠ ጎን አላቸው፤ ለእንዲህ ያለ ቅርጽ ደግሞ በቃሉ የያዘው ቀመር የለም። መፍትሔው ቁራጮቹን ትቶ በዙሪያቸው ያሉትን ሁለት የታወቁ ቅርጾች ማየት ነው። ከሙሉው ካሬ ላይ ያልጠቆረው ክብ ከተነሣ፣ የሚቀረው የጠቆረው ብቻ ነው።

የካሬው ጎን 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ስፋቱ 20 በ20 ሲባዛ 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ክቡ ተቃራኒ ጎኖችን ስለሚነካ ዲያሜትሩ ከካሬው ጎን ጋር እኩል ነው፤ ራዲየሱም የዚያ ግማሽ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የክብ ስፋት ፓይ ሲባዛ በራዲየሱ ካሬ ነውና 3.14 በ100 ተባዝቶ 314 ይመጣል። ከ400 ላይ 314 ሲቀነስ 86 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይቀራል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው 20ን እንደ ራዲየስ መውሰድ ነው። ያን ጊዜ ክቡ 1256 ይሆናል፤ ካሬው ውስጥ ያለ ክብ ከካሬው ሊበልጥ ስለማይችል ስሕተቱ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው ግን ይደበቃል። ተማሪው በስፋት ፋንታ የክቡን ዙሪያ ያሰላና 62.8 ያገኛል፤ ከ400 ቀንሶም 337.2 ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ ከ400 ስለሚያንስ ትክክል ይመስላል።

ይህን የሚያጋልጥ ቀላል ማረጋገጫ አለ። የካሬውን አራት ጎኖች መሐል ለመሐል በመስመር አገናኙ። ክቡ ውስጥ ዘምበል ያለ ሌላ ካሬ ይወጣል፤ ስፋቱም የትልቁ ግማሽ፣ 200 ነው። ክቡ ይህን ትንሽ ካሬ ሙሉ በሙሉ ስለሚያቅፍ ከ200 ይበልጣል፤ ስለዚህ የጠቆረው ክፍል 200 ሊደርስ አይችልም። 337.2 እዚህ ላይ ይወድቃል። አርኪሜዲስም በ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ፓይን ያጠበበው በዚሁ ስልት ነበር፤ ክቡን ከውስጥም ከውጭም 96 ጎን ባላቸው ቅርጾች መሐል አስገብቶ።

አሁን ካሬውን አንድ ሰው ሊቆርጠው ያዘጋጀው ላሜራ ነው እንበል። አንድ ትልቅ ክብ ቢያወጣ 86 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቁርጥራጭ ይጣላል። ክቦቹን አሳንሶ አራት ቢያወጣስ? የእያንዳንዱ ራዲየስ 5 ይሆናል፤ ስፋቱ 78.5፣ የአራቱ ድምር ደግሞ 314። የሚጣለው አሁንም 86 ነው! ዘጠኝ ወይም አንድ መቶ ክቦችን በቀጥታ ረድፍ ቢደረድርም ለውጥ የለም። ምክንያቱ ላሜራው በሐሳብ ወደ ትናንሽ ካሬዎች ስለሚከፈል ነው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ካሬም ልክ እንደ ትልቁ 21.5 በመቶ ገደማውን በጥጎቹ ያጣል።

የሚተርፈውን መቀነስ የሚቻለው አደራደሩን በመቀየር ነው፤ ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያው ረድፍ ክቦች በሚገናኙበት ጎድጓዳ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ። ጎኑ አንድ ሜትር ከሆነ ላሜራ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ክቦች በቀጥታ ረድፍ 100 ይወጣሉ። ረድፎቹ ሲጠላለፉ ግን እየተቀራረቡ 11 ረድፍ ይገባል፤ ስድስቱ አሥር አሥር፣ አምስቱ ዘጠኝ ዘጠኝ ይዘው ክቦቹ 105 ይደርሳሉ። መቀስ የሚበላው ሳይቆጠር ማለት ነው። በትንሹ የ20 ሴንቲ ሜትር ካሬ ግን መጠላለፍ ያከስራል፤ አራት ይወጣበት ከነበረው ሦስት ብቻ ይገኛል።

ከዚህ አንድ አቋራጭ ይገኛል። ክቡ አራቱንም ጎኖች ከነካ የካሬውን ስፋት በ0.2146 ማባዛት የጠቆረውን ክፍል ይሰጣል፤ የጠቆረው ተነግሮ ካሬው ከተጠየቀም ለዚሁ ቁጥር ማካፈል ነው። ቅርጹ 30 በ20 የሆነ አራት ማዕዘን ከሆነ ግን ክቡ ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች ነክቶ አጫጭሮቹን በአንድ ጊዜ መንካት አይችልም፤ አቋራጩም አይሠራም። ያን ጊዜ ከ600 ላይ 314 ተቀንሶ 286 ይገኛል።